ማንዋሉ ያዛል፣ ሪፖርቱ ይናገራል

የኬሚስትሪ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚሠሯቸው ሙከራዎች አንዱ የሱቅ አቼቶ ውስጥ ምን ያህል አሴቲክ አሲድ እንዳለ መለካት ነው። ሙከራው ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሪፖርቱ ላይ ነው። የአሠራር ዘዴው ክፍል ከማንዋሉ ቃል በቃል ተገልብጦ ይቀርባል፣ መምህሩም ይመልሰዋል። ተማሪው «የሠራሁት እሱኑ ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ልጻፍ?» ይላል። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ጥያቄው በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ማንዋሉ እንዲህ ይላል እንበል፦ «10 ሚሊ ሊትር አቼቶ በፒፔት ወደ 100 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ጨምር፤ በተጣራ ውሃ እስከ ምልክቱ ሙላ። ከዚህ 25 ሚሊ ሊትር ወደ ኮኒካል ፍላስክ ውሰድና 2 ወይም 3 ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨምር። ቢዩሬቱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለቅልቀህ ሙላ። ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ለ30 ሰከንድ እስኪቆይ ታይትሬት አድርግ። ከ0.1 ሚሊ ሊትር በላይ የማይለያዩ ሁለት ንባቦች እስክታገኝ ድገም።»

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ትቶ ቃላቱን መለዋወጥ ነው። ፒፔቱ «ቀጭን ቱቦ» ይሆናል፣ ፈዛዛ ሮዙ «ቀይ» ይሆናል። ይህ ከመገልበጥም ይብሳል። ፒፔት መጠንን በትክክል የሚለካ ዕቃ ነው፤ ቱቦ ሲባል ያ ትርጉም ይጠፋል። ፍላስኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደምቆ ከቀላ ደግሞ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ከሚፈለገው በላይ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ቀይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሳያውቀው የተበላሸ ሙከራ ሠርቻለሁ እያለ ነው። የዕቃ፣ የኬሚካልና የመጠን ስሞች አይነኩም። የሚለወጠው የአነጋገሩ አቅጣጫ ነው፦ ማንዋሉ ገና ላልተሠራ ሥራ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሪፖርቱ ግን የተሠራውን ይናገራል።

ስለዚህ ማንዋሉን ዘግቶ የላብ ደብተርን መክፈት ይሻላል። ደብተሩ ላይ ማንዋሉ የማያውቃቸው ነገሮች አሉ። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጠርሙስ 0.1023 ሞላር ይላል። የመጀመሪያው ታይትሬሽን ለግምት የተሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ንባቦቹ 20.30 እና 20.40 ሚሊ ሊትር ሆኑ፤ በመካከል አንዱ ቀለሙ ደምቆ ስላለፈ ተጥሏል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ እርምጃ «ይህ በሌላ መንገድ ቢሠራ ውጤቱ ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አቼቶው አሥር እጥፍ መቅጠኑ ስሌቱን ስለሚነካ መጻፍ አለበት። ቢዩሬቱን ማለቅለቅም ውጤት ይነካል፤ ውስጡ የቀረ ውሃ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ያቀጥነዋልና። ነገር ግን ማንኛውም ኬሚስት ሳይነገረው ስለሚያደርገው እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ይጻፍ የሚል መምህር ካለ ግን አልከራከርም።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናደርገው እንዲህ ይወጣል፦ «አቼቶው በተጣራ ውሃ አሥር እጥፍ ቀጥኖ ከእሱ የተወሰዱ 25 ሚሊ ሊትር ናሙናዎች በ0.1023 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ተደረጉ። አመልካቹ ፌኖልፍታሊን ሲሆን፣ ለ30 ሰከንድ ያልጠፋ ፈዛዛ ሮዝ ቀለም እንደ ማብቂያ ተወሰደ። ከአንድ የግምት ታይትሬሽን በኋላ ሦስት ናሙናዎች ተሠሩ፤ አንዱ ማብቂያውን ስላለፈ አልተቆጠረም። አሠራሩ የተወሰደው ከትምህርት ክፍሉ የላብ ማንዋል ነው።» ሰባቱ ትእዛዞች በሥራቸው ዓላማ ተሰባስበው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ሆኑ። የማንዋሉ ስም መጠቀሱም የግድ ነው፤ ቃሉ የተማሪው ቢሆንም ዘዴው የእሱ አይደለም።

እዚህ ላይ «ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ለ30 ሰከንድ» የሚለው ከማንዋሉ ጋር መመሳሰሉ አያስጨንቅም። ተርንኢቲን ሊያሰምርበት ይችላል፤ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ግን የጽሑፍ መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ሐቀኝነት ቢሮም የተለመደ ዘዴን የሚገልጹ ጥቂት ተመሳሳይ ሐረጎችን በአጠቃላይ እንደ ስርቆት አይከታተልም። ሙሉ አንቀጽ መገልበጥ ግን ከስርቆቱ ሌላም ጣጣ አለው። «የሚስማሙ ሁለት ንባቦች እስኪገኙ ተደገመ» የሚለውን ከማንዋሉ የገለበጠ ተማሪ ሰዓት አልቆበት አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ከሆነ፣ ሪፖርቱ ያልተሠራ ነገር እየመሰከረ ነው።

በመጨረሻ ማንዋሉ እንደገና ይከፈትና ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይመሳከራሉ። በራስ ቃል ሲጻፍ በቀላሉ የሚያመልጠው የማቅጠኑ እርምጃ ነው። እሱ ከወደቀና ስሌቱም ያለ እሱ ከተሠራ፣ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ያለው አቼቶ 0.5 በመቶ ሆኖ ይወጣል፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰውም ባለሱቁ ውሃ ቀላቅሎ የሸጠ ይመስለዋል።