ከካርባይድ ድንጋይ እስከ ዝንብ ማማለያ

በያጆች ካርባይድ ላይ ውሃ ሲጨምሩበት እየተፍለቀለቀ የሚወጣው ጋዝ አሲቲሊን ነው። ግራጫው ድንጋይ ሙሉ ስሙ ካልሲየም ካርባይድ ሲሆን፣ በውስጡ በሦስት ቦንድ የተያያዙ ሁለት ካርቦኖች ሃይድሮጅን አልባ ሆነው፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ተሸክመው ይገኛሉ። ውሃ ሲደርስባቸው የጎደላቸውን ሃይድሮጅን ከውሃው ይወስዱና አሲቲሊን ይሆናሉ። ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ጭቃ ኖራ ነው።

ኬሚስቶች ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ይፈልጋሉ፤ ከአሲቲሊን ላይ ሃይድሮጅኑን መልሶ መውሰድ። ሃይድሮጅኑን የተነጠቀው ካርቦን አሲቲላይድ አዮን ይባላል፤ ሌላ ካርቦን ካገኘ ተጣምሮ ሰንሰለቱን ያስረዝማል።

ካርቦን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ አይለቅም። የአሲድ ጉልበት በሚለካበት ፒኬኤ በተባለው ልኬት፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሃይድሮጅኑ በቀላሉ ይለቃል፤ አንድ ቁጥር ልዩነት ማለትም አሥር እጥፍ ነው። የማብሰያ ጋዝ ዓይነቶቹ ውህዶች ወደ 50 ይጠጋሉ፣ አሲቲሊን 25፣ ውሃ 16 ገደማ ነው። አሲቲሊን ከዘመዶቹ ይህን ያህል የተለየው በሦስቱ ቦንድ ምክንያት ነው። ሃይድሮጅኑ ሲሄድ ካርቦኑ ላይ የሚቀሩት ሁለት ኤሌክትሮኖች፣ በሌሎቹ ውህዶች ውስጥ ካሉት ይልቅ ወደ ፖዘቲቩ ኒውክለስ ቀርበው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ቻርጁ ይረጋጋል። ይህ ግን የሚሠራው ሦስቱ ቦንድ በሰንሰለቱ ጫፍ ሲሆን ብቻ ነው። መሐል ከገባ በቦንዱ ካርቦኖች ላይ የሚወሰድ ሃይድሮጅን የለም።

ታዲያ በኮስቲክ ሶዳ መንጠቅ አይቻልም? አይቻልም። ኮስቲክ ሶዳ ሃይድሮጅኑን ቢወስድ ውሃ ይፈጠራል፤ ውሃ ደግሞ ከአሲቲሊን ከቢሊዮን እጥፍ በላይ የበረታ አሲድ ስለሆነ ሃይድሮጅኑን ወዲያው ይመልስለታል። የካርባይዱ ድንጋይ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ስለዚህ ፒኬኤው 38 ገደማ ከሆነው ከአሞኒያ የሚሠራ ቤዝ፣ ሶዲየም አማይድ፣ ያስፈልጋል። ዕቃውም ሆነ ፈሳሹ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ የገባችው እርጥበት ሁሉ በመጠኗ አሲቲላይዱን ታጠፋለች።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። በ1971 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሴቷ የቤት ዝንብ ወንዱን የምትስብበትን ውህድ ለይተው አወጡ። 23 ካርቦኖች ያሉት ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው፤ በ9ኛውና በ10ኛው ካርቦን መካከል ድርብ ቦንድ አለው። ዛሬ ዝንብ ለመግደል በሚዘጋጅ ማጥመጃ ውስጥ ይጨመራል። ከአሲቲሊን ተነስቶ ሲሠራ ስሌቱ 2 ሲደመር 8 ሲደመር 13 ነው።

አሞኒያ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ በደረቅ በረዶ ቀዝቅዞ በፈሳሽነቱ ይያዛል። ሶዲየም ሲገባበት ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ጥቂት አይረን ናይትሬት ሲጨመር ሰማያዊው እየጠፋ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ሶዲየም አማይዱ መዘጋጀቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ አሲቲሊን ይነፋበታል። መጠኑ በዛ ማለቱ ይጠቅማል፤ አሲቲሊን በሁለቱም ጫፍ ሃይድሮጅን ስላለው፣ ካነሰ ሁለቱም ወገን የመርዘም ዕድል አለው። አሲቲላይዱ ሲደርስ ባለ 8 ካርቦኑ ብሮሞኦክቴን ጠብ ጠብ እያለ ይጨመራል። አሲቲላይዱ ብሮሚን የያዘውን ካርቦን ከጀርባው በኩል ይጠጋዋል፤ ብሮሚኑ ለቆ ይወጣል። ባለ 10 ካርቦኑ ዴሳይን ተገኘ ማለት ነው።

ብሮሚኑ የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ መሆኑ ግድ ነው። መሐል ላይ ከሆነ አሲቲላይዱ ከጀርባ መድረሻ መንገድ ይጠበዋል፤ ስለዚህ ካርቦኑን ትቶ ከአጠገቡ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የሚገኘው ባለ ድርብ ቦንድ ውህድ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን ባለበት ይቀራል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ወሰን ይህ ይመስለኛል።

ዴሳይን ገና አንድ የጫፍ ሃይድሮጅን ስለቀረው ዙሩ ይደገማል፤ አሁን ከባለ 13 ካርቦኑ ብሮማይድ ጋር። ረጅም ብሮማይድ በፈሳሽ አሞኒያ በደንብ ስለማይሟሟ፣ ለዚህ ዙር ሌላ ፈሳሽና ቡቲል ሊቲየም ይመረጣል። መሳካቱን ለማወቅ ከውጤቱ ትንሽ ናሙና ወስዶ አሞኒያ ያለበት ሲልቨር ናይትሬት መጨመር ነው። ነጭ ዝቃጭ ከታየ የጫፍ ሃይድሮጅን ያለው ዴሳይን ተርፏል፤ ካልታየ አልቋል። ዝቃጩ ሲደርቅ ስለሚፈነዳ፣ እርጥብ እንዳለ በናይትሪክ አሲድ መጥፋት አለበት።

የቀረው ሦስቱን ቦንድ ወደ ሁለት ማውረድ ነው። የዝንቧ ውህድ በድርብ ቦንዱ ላይ ሁለቱም የሰንሰለቱ ክንፎች በአንድ ጎን ያሉበት ነው። ለዚህ በ1952 ሊንድላር ያስተዋወቀው ፓላዲየም ይሠራል፤ ጉልበቱ በሊድ ስለተቀነሰ ሁለት ሃይድሮጅን በአንድ ጎን ጨምሮ እዚያው ላይ ይቆማል።