ማንበብ ለማይችሉ ቤተሰቦች የሚዘጋጅ የእጅ መታጠብ ቪዲዮ

ማንበብ ለማይችሉ ተመልካቾች በሚዘጋጅ የጤና ቪዲዮ መልእክቱን የሚሸከመው ምስሉ ነው። ስክሪፕቱ በሁለት ዓምድ ይጻፋል፤ በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው። መጀመሪያ የሚሞላው የምስሉ ዓምድ ነው፤ ንግግሩ የሚጨመረው ምስሉ ያለ ድምፅ መረዳት ሲቻል ነው።

መልእክቱ አንድ ብቻ ይሁን። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ከምግብ በፊት እጅ ላይ ውሃ ይፈስሳል፤ ሳሙና የሚፈለገው ግን ብዙ ጊዜ ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ የሚገቡት በሚበላበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ «ሳሙናው ከምግብ በፊት ይቅረብ» የሚለውን ብቻ ቢያስተምር ይበቃዋል።

ታሪኩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። እናት ሕፃኗን ጠርጋ፣ እጇን በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጋ ወደ ማዕዱ ትቀርባለች። አማቷ «ቆይ ልጄ፣ በሳሙና ታጠቢ» ይሏታል። ከዚያም በእጇ ላይ ጥቂት ዘይትና የተፈጨ ቀረፋ ይቀቡላትና ውሃ ያፈሱላታል። ቀረፋው እጇ ላይ ይቀራል። በሳሙና ስታሽ ግን ከአረፋው ጋር ይወርዳል። ሳሙና ቅባትን ከቆዳ ያላቅቃል፤ ከቅባቱና ከእድፉ ጋር የተጣበቁት ጀርሞችም አብረው ይታጠባሉ። ለዚህ ማሳያ እርድ አይመረጥም፤ በሳሙና ከታጠበ በኋላም ቆዳን ቢጫ አድርጎ ሊቆይ ስለሚችል ተመልካቹ ሳሙናው አልሠራም ብሎ ያስባል።

ቀጥሎ አስተጣጠቡ ሳይቆራረጥ ይታያል። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃል፣ አውራ ጣት፣ በመጨረሻም የጣት ጫፍና ጥፍር ይታሻሉ። እሽታው ቢያንስ 20 ሰከንድ ይወስዳል፤ ሰከንድ መቁጠር ሳያስፈልግ ልኩ እንዲያዝ በዚያው ርዝመት አጭር ዜማ ይዜማል። ካሜራው ከታጣቢዋ ትከሻ በላይ ሆኖ ይቀርጻል፤ እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ እጆቹን የራሱን እጅ በሚያይበት አቅጣጫ ያያቸዋል። ማለቅለቂያው ውሃ ከጆግ ይፈስሳል፤ ሁሉም እጁን አንድ ሳፋ ውስጥ ከነከረ የአንዱ እድፍ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ጀርምን እንደ ትልቅ ነፍሳት አድርጎ መሳል ያሳስታል፤ ተመልካቹ «እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን የለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቀይ የኤክስ ምልክትም «አታድርጉ» ማለት እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ አይደለም።

ቪዲዮው ከመሰራጨቱ በፊት ለጥቂት ቤተሰቦች ድምፁ ተዘግቶ ይታያል። «ምን አያችሁ?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ ከዚያ ሳሙናና ውሃ ይሰጣቸዋል። ብዙዎቹ አውራ ጣታቸውን ሳያሹ ካለፉ ያ ክፍል በቅርበት እንደገና ይቀረጻል።