ቀኗን ረስተን «አውፍ በይኝ» ስንል



ታናሽ እህቴ ቁርኣን ያኸተመችው ባለፈው ሴሚስተር፣ አንድ እሁድ ከዙህር በኋላ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ኡስታዟ፣ የቁርኣን ቤት ጓደኞቿና ጎረቤቱ ሳሎናችን ተሰብስበው፣ እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ተደርጎላታል። እኔ ግቢ ስለሆንኩ በአካል እንደማልገኝ ቀድሞም የታወቀ ነው። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ስልክ ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ራሷ በእናቴ ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ጥር 18 ነው፤ እንዳትረሳ» ብላኛለች። ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ማክሰኞ ማታ፣ የአጎቴ ልጅ የዕለቱን ፎቶ በቴሌግራም ሲልክልኝ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ከቤት ርቀን በምንማር ብዙዎቻችን ላይ ይደርሳል። አንዱ የወንድሙን ኒካሕ ቀን፣ ሌላዋ የእህቷን ምርቃት ትረሳለች። (ልደት ይከበራል አይከበርም የሚለውን ለኡስታዞቻችን ልተወው። ቀኑ ለዚያ ልጅ ትልቅ ከነበረ ማዘኑ አይቀርም።) እዚህ ላይ ማየት የፈለግኩት መርሳቱን ሳይሆን ከመርሳት በኋላ የምንናገረውን ነው። እኔ መጀመሪያ የተናገርኩት ነገሩን አባብሶታልና።

ያን ማታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የኔ ማር፣ በጣም ይቅርታ፤ ሰኞ ሚድ ነበረብን፣ የኢንጂነሪንግን ጣጣ ታውቂው የለ፣ ኔትወርኩም ሲያስቸግር ነበር። እኔ የማልረባ ወንድም ነኝ፣ ራሴን በጣም ነው የጠላሁት። አውፍ ካላልሽኝ እንቅልፍም አይወስደኝ።» መልሷ ሦስት ቃል ነበር፦ «እሺ፣ ችግር የለም»። እኔም የተፈታ መስሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ እናቴ ደውላ «ልጅቷን ምን ብለሃት ነው? አልቅሳ አደረች እኮ» አለችኝ።

መልእክቱን ደግሜ ሳነበው ችግሩ ታየኝ። ፈተናው እውነት ነው። ግን እሁድ ከሰዓት በኋላ ከዶርም ልጆች ጋር ኳስ አይቻለሁ፤ አምስት ደቂቃ አላጣሁም ነበር። ኔትወርኩ ደግሞ ጭራሽ ሐሰት ነው፣ መደወልን ያላሰበ ሰው ኔትወርክ ሊያስቸግረው አይችልም። ቀጥሎ ያለው «የማልረባ ነኝ፣ ራሴን ጠላሁ» የሚለው ትሕትና ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ የተበደለችዋ ልጅ በዳይዋን እንድታባብል ያስገድዳታል። «አይ ጋሼ፣ ጎበዝ ነህ» ማለት የእሷ ፋንታ ይሆናል። እንቅልፍ አይወስደኝም ማለቴም ጫና ነው፦ አውፍ ካላለች ለእኔ አለመተኛት ተጠያቂዋ እሷ ልትሆን ነው። በጠቅላላው መልእክቱ ውስጥ ስለ እሷ፣ ስለ ኸትሟ አንድ ቃል የለም። ሁሉም ስለ እኔ ነው።

«እሺ፣ ችግር የለም» ሲባል ነገሩ ተዘግቷል ወይስ ተዳፍኗል የሚለውን መለየት ይቻላል። በእውነት የቀለለው ሰው ወሬ ይቀጥላል፤ ስለ ዕለቱ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ «ዳቦው አመለጠህ» ብሎ ይሳደባል። የተዳፈነበት ግን መልሱ ያጥርና ወዲያው ከመስመር ይወጣል። እህቴ ከወትሮው በድምፅ መልእክት የምታደነቁረኝ ልጅ ናት። ሦስት ቃል ጽፋ ዝም ማለቷ ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር።

እዚህ ጋ አንዳንዶቻችን ሐዲስ እንመዛለን። ከዚህ ኡመት ላይ ስሕተትና መርሳት እንደተነሳ ተምረናል፤ ታዲያ የረሳ ሰው ምን ጥፋት አለበት? ይህን ጥያቄ መድረሳ ሳለሁ ስለ ሌላ ጉዳይ ጠይቄ ኡስታዛችን የሰጡን ማብራሪያ እስካሁን ይጠቅመኛል። የተነሳው ወንጀሉ ነው፤ የሰው ሐቅ ግን ባለበት ይቆያል። የዶርም ጓደኛህን በሶ የራስህ መስሎህ በጥብጠህ ብትጠጣ ወንጀለኛ አትባልም፣ ነገር ግን በሶውን ትተካለህ። ለምን ጠጣህ አትባልም፤ ተካ ነው የምትባለው። የእህቴም ነገር እንዲሁ ነው። አውቄ ስላልተውኳት በአላህ ዘንድ ያልተያዝኩበት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ስትጠብቅ የዋለችው ልጅ ግን የጎደለባት ነገር አለ፣ እሱም ገና አልተተካም። ሰበብ መደርደር የሚጠቅመው ወንጀለኛ አለመሆንን ለማስረዳት ነው፤ እሷ ግን ወንጀለኛ ነህ አላለችኝም። ካልተከሰስኩበት ነገር ራሴን እየተከላከልኩ፣ ያለብኝን ዕዳ ዝም ብዬ አለፍኩት ማለት ነው።

የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ ሲቀር ጤናም አቅምም ነበረው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ ሰማንያ ያህል ሰዎች እየቀረቡ ምክንያታቸውን ደረደሩ፤ እሳቸውም ላይ ላዩን ተቀብለው የውስጡን ለአላህ ተዉት። ከዕብ በንግግር የተካነ ሰው ስለነበር ከሁሉም የሚያምር ሰበብ ማቅረብ ይችል ነበር። እሱ ግን ምንም ምክንያት እንዳልነበረው ተናገረ። በዘመቻና በስልክ ጥሪ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው፣ አላነጻጽርም። ከታሪኩ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዕብ ሲናገር ራሱንም አልሰደበም፣ መሬት ላይም አልተንከባለለም። የሆነውን በሆነው ልክ ተናግሮ ፍርዱን ጠበቀ።

ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ደወልኩላት። በጽሑፍ ያልላክሁት ድምፅዋን ለመስማት ብዬ ነው፤ የቴሌግራም ስታተስ ላይ «ለእህቴ ይቅርታ» ብሎ መለጠፍም የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፣ ያ ለተመልካች ነው የሚሆነው። ከመደወሌ በፊት የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ካልጻፍኩት ወደ ፈተናው እንደምንሸራተት አውቃለሁ። ያልኳት ይህ ነው፦ «እሁድ የኸትምሽ ቀን ነበር። ቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር፣ እደውላለሁ ብዬሽ ነበር፣ ረሳሁ። ማክሰኞ የጻፍኩልሽም ሰበብ ነው፤ ኔትወርክ ያልኩት ውሸት ነበር። አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ።» ከዚያ ዝም አልኩ።

ዝም ማለቱ ከመናገሩ ይከብዳል። ስልኩ ውስጥ ፀጥታ ሲሆን አፍ «ግን እኮ...» ለማለት ይቸኩላል። «ግን» ከይቅርታ በኋላ ከመጣች ደግሞ የፊተኛውን ሁሉ ታፈርሰዋለች። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅኩ። ቆይታ «ለምን ረሳህ?» አለችኝ። ስትጠየቅ መመለስ ሰበብ አይደለም፤ አጭርና እውነት ይሁን እንጂ። «የትም አልጻፍኩትም፣ አስታውሰዋለሁ ብዬ ነው» አልኳት። ላብ ውስጥ የሞተር ብልሽት ሪፖርት ስንጽፍ መንስኤውን የምንፈልገው ሞተሩ ዳግመኛ እንዳይበላሽ ነው፣ ሞተሩን ንጹሕ ለማስባል አይደለም። የእኔም መንስኤ ለእኔ ሥራ ነው የሚጠቅመው። ስልኬ የሚቆጥረው በፈረንጆች ስለሆነ እሷ በእኛ የምትነግረኝን ቀን ያኔውኑ ቀይሬ መመዝገብ፣ ማስታወሻውንም ለዋዜማውና ለዕለቱ ጠዋት መሙላት ነበረብኝ። ይህን ለእሷ ማብራራት አላስፈለገም፤ ዘግቼ ስጨርስ አደረግኩት።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። ያን ቀን የእናቴን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። ሐሳቧ የመጨረሻዎቹን ሱራዎች ሰው ሁሉ ፊት ስታነብ እኔም በስልክ እንድሰማ ነበር። ኡስታዙ «እንጀምር» ሲሏት «ትንሽ እንጠብቅ» ብላ ሁለት ጊዜ አስቆማቸዋለች። እኔ የቀረብኝ የመሰለኝ «ማብሩክ» ማለት ነበር፤ የቀረባት ግን የሚሰማት ወንድም ነው። ስጦታ ልግዛላት ብዬ አስቤ ነበር፣ አንድ ሒጃብ በዲኤስቲቪ ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ። ብገዛ ኖሮ በሶ ለወሰድኩበት ሰው ሳሙና መክፈል ይሆን ነበር። የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያውቀው የጎደለበት ነው፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ መተካት አይቻልም።

«አሁን ብሰማሽስ? ቀኑን አንቺ ምረጪ» አልኳት። «አላውቅም፣ አያለሁ» ብላ ዘጋች። አውፍ ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም መልሼ አልደወልኩም።

እዚህ ላይ ስለ ሦስቱ ቀን ልናገር። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ሌሊት በላይ ሊያኮርፍ እንደማይፈቀድለት ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጓደኛዬ «ሦስት ቀን ካለፈ ያንን ሐዲስ ላክላት» ብሎኝ ነበር። ሐዲሱ ትክክል ነው፤ ግን ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ እሷን ለማስፈራሪያ ብመዘው ያለቦታው መጠቀም ነው። ሰላምታዬን አላቋርጥም፣ ያ የእኔ ድርሻ ነው። ልቧ የሚለሰልስበትን ሰዓት ግን እኔ አልወስንላትም። እናቴንም «ንገሪልኝ» ብዬ ላስገባት ፈልጌ ነበር። እናት ስታዝ ልጅ «እሺ» ትላለች፤ ያም የማክሰኞውን «እሺ» መድገም ነው። ትልቅ ወንድም ወይም እህት ላስቀየማችሁት ሽማግሌ መላኩ ወግ ሊሆን ይችላል፤ ለታናሽ ግን ጉልበት ይሆናል።

ዓርብ ሄደ፣ ቅዳሜም ሄደ። እሁድ ከዐስር በኋላ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ ላብ ውስጥ ነህ?» «አይደለሁም።» «ብትሆንም ውጣ።» ከዶርሙ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ከአድ-ዱሓ ጀምራ እስከ አን-ናስ ወረደች፣ ከዚያ በኸትም ደንብ ወደ ፋቲሓ ተመልሳ የአል-በቀራን መጀመሪያ አነበበች። አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተች መስሎኝ አቋርጬ ላርማት ስል «ኡስታዜ እንዲህ ነው ያስቀራኝ» አለች። ማታ ሙስሐፍ ገልጬ አየሁት፤ ትክክሏ እሷ ነበረች፣ ደውዬም ነገርኳት።