ያልተነበበውን የመድኃኒት ስም ምን ብለን እንተርጉመው?

እ.ኤ.አ. በ1995 በቴክሳስ ኦዴሳ ከተማ አንድ የልብ ሐኪም ለታካሚው Isordil የተባለ መድኃኒት፣ 20 ሚሊግራም በየስድስት ሰዓቱ እንዲወስድ በእጁ ጽፎ አዘዘለት። ፋርማሲስቱ ጽሑፉን Plendil ብሎ አነበበውና የደም ግፊት መድኃኒት ሰጠው። ፕሌንዲል በቀን ቢበዛ የሚወሰደው 10 ሚሊግራም ሲሆን፣ በማዘዣው መሠረት ግን ሰውየው በቀን 80 ሊወስድ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ልቡ ታሞ ሞተ። በ1999 ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ 450 ሺህ ዶላር ካሳ ፈረደ።

ያን ጽሑፍ ያነበበው ሙያው መድኃኒት የሆነ ሰው ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ማዘዣ በስልክ ፎቶ ይነሣና እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ልጅ ወይም ጎረቤት «እስቲ በአማርኛ ጻፍልን» ተብሎ ይላካል። እንዲህ ያለ ፎቶ የደረሰው ሰው ትልቁ ፈተናው የሐኪሙ ጽሑፍ መጥፎነት አይመስለኝም። ወረቀቱ ላይ ያለው ጭረት ቢያንስ አጠራጣሪነቱ ይታያል። ተርጓሚው ገምቶ በጥሩ ፊደል ሲተይበው ግን ጥርጣሬው ይጠፋል፤ ቤተሰቡም እርግጠኛ ነገር እንደተሰጠው ይቆጥራል።

አንድ ማዘዣ እንውሰድ። የመጀመሪያው መስመር «Amoxicillin 500 mg po tid 7/7» ይላል። ይህ በደንብ ይነበባል፤ po በአፍ፣ tid በቀን ሦስት ጊዜ፣ 7/7 ደግሞ ለሰባት ቀን ማለት ነው። ትርጉሙ «Amoxicillin (አሞክሲሲሊን) 500 ሚሊግራም፣ በአፍ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን» ይሆናል። ሐኪሙ «ከምግብ በኋላ» ካላለ ተርጓሚው ከራሱ አይጨምርም።

ሁለተኛው መስመር ላይ ችግር አለ። የመድኃኒቱ ስም በL ይጀምራል፣ ሦስተኛው ፊደል s ነው፣ የቀረው ተለውሷል፤ ከዚያ 20 mg ይላል። Losec የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ Lasix ደግሞ ሽንት አብዝቶ ከሰውነት ውኃ ያስወጣል። ሁለቱም በ20 ሚሊግራም ስለሚገኙ መጠኑ አይለያቸውም። አሜሪካ ውስጥ ሎሴክ በ1990 ፕሪሎሴክ ተብሎ ስሙ የተቀየረው ከዚሁ መደናገር የተነሣ ነው። እዚህ ላይ «እናታችን ጨጓራ ስላላቸው ሎሴክ ነው» ማለት ያጓጓል፤ ይሁንና ያ የቤተሰብ ግምት እንጂ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያለው qd ይሁን qid አይለይም። የመጀመሪያው በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛው አራት ጊዜ ማለት ነው፤ የq ጭራ ረዘም ካለ ወይም ነጥብ ጣል ከተደረገ አንዱ ሌላውን ይመስላል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን qd በማዘዣ ላይ እንዳይጻፍ ከከለከላቸው አህጽሮቶች አንዱ ያደረገውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር እንዲህ ቢተረጎም ይሻላል፦

«[ስሙ አይነበብም፦ L?s??፤ ፋርማሲስት ያረጋግጥ] 20 ሚሊግራም፣ በአፍ፣ [በቀን 1 ጊዜ ወይስ 4 ጊዜ? ይረጋገጥ]»

ፊደሎቹ በላቲን የቀሩት ሆን ተብሎ ነው። ስሙ በግዕዝ ፊደል ብቻ ከተጻፈ፣ ፋርማሲስቱ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ የትኛው ፊደል እንዳጠራጠረ ማየት አይችልም። ለሚነበበው መድኃኒትም ቢሆን የላቲኑን ስም አስቀድሞ፣ አነባበቡን በቅንፍ ማስከተል ይበጃል።

መድኃኒት ቤት ሲደረስ ደግሞ አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «ይኼ ሎሴክ ነው አይደል?» የተባለ ሰው ዓይኑ ሎሴክን ያያል። «ይኼን ምን ብለው ያነቡታል?» ማለት ይሻላል፤ ዋናውን ወረቀት እንጂ ፎቶውን ወይም ትርጉሙን ብቻ አለማሳየት ነው። ፋርማሲስቱም ካመነታ ለሐኪሙ ይደውላል። ስለዚህ ፎቶው ሲነሣ የሐኪሙ ስምና ስልክ፣ የታካሚው ዕድሜና የበሽታው ስም የተጻፈበት ጥግ እንዳይቆረጥ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው። የእጥፉ ጥላ ቁጥር መሐል ከወደቀ 1.5 እና 15 አይለዩም።

ከተረጋገጠ በኋላ በቅንፍ የነበረው ይስተካከልና ማን፣ በየትኛው ቀን እንዳረጋገጠው ይጻፋል። የሚሰጠው ሣጥን ላይ Losec ሳይሆን Omeprazole ሊል ይችላል፤ ይህ የዚያው መድኃኒት የንጥረ ነገሩ ስም ነው። ቤት ሲገባ ግር እንዳይል ፋርማሲስቱን አስጽፎ ሁለቱንም ስም በአንድ መስመር ላይ ማስፈር ነው፦ «Losec (ሎሴክ)፣ ሣጥኑ ላይ Omeprazole (ኦሜፕራዞል)»።