ስቱደንት ኮፒው ሁሉንም ያሳያል

ለኢንተርንሺፕ ሲያመለክቱ ስቱደንት ኮፒ ከተያያዘ፣ የተቋረጠ ሴሚስተርም ሆነ ዲ የመጣበት ኮርስ አይደበቅም። ሲቪው ላይ ክፍተቱን ዘሎ ማለፍ የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች ካልተስማሙ ጥርጣሬው ከውጤቱ አልፎ በአመልካቹ ላይ ያርፋል።

አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪን እናስብ። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ ዲ አገኘች፤ በቀጣዩ ሴሚስተር ደግሞ እናቷን ለማስታመም ዊዝድሮዋል ሞልታ ወጣች። በደብዳቤዋ መጀመሪያ የምትችለውን ሥራ ትገልጻለች፤ ቀጥላ እንዲህ ብትል ይበቃል፦

«በ2016 ሁለተኛ ሴሚስተር በቤተሰብ ሕመም ምክንያት በሬጅስትራር በኩል ትምህርቴን አቋርጬ በ2017 ተመልሻለሁ። ከዚያ በፊት ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ ዲ አግኝቼ ነበር፤ መሠረቱን እንደገና አጥንቼ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ ላይ ቢ ፕላስ አምጥቻለሁ።»

የእናቷን የሕመም ዓይነት መዘርዘር አይጠበቅባትም። ዲውን ግን በሕመሙ ማሳበብ የለባትም፤ ውጤቱ የመጣው እናቷ ከመታመሟ በፊት እንደሆነ ቀኑ ራሱ ይናገራል። «መምህሩ ከባድ ነበር» ማለትም አይረዳም፣ አንባቢው ሊያረጋግጠው አይችልምና። በእኔ እምነት የዚህ ደብዳቤ ጉልበት ያለው ቢ ፕላሱ ላይ ነው፤ ያንኑ ዕውቀት የሚፈልግ ተከታይ ኮርስ ስለሆነ ክፍተቱ መሞላቱን በማስረጃ ያሳያል። እንዲህ ያለ ውጤት ገና ያልያዘ ተማሪ ኮርሱን እየደገመ ከሆነ፣ መቼ እንደሚጨርስ ይጻፍ።

ድርጅቱ ዝቅተኛ ጂፒኤ ወስኖ ከሆነ ግን ማብራሪያ ላያሳልፍ ይችላል። 2.68ን «3 ገደማ» ከማለት፣ ከማመልከት በፊት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።