ፊሽካው ከመጮኹ በፊት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1958 ለንደን ውስጥ የስሚዝፊልድ ሥጋ ገበያ ምድር ቤት በእሳት ተያያዘ። ቦታው ጠባብ መተላለፊያዎችና ማቀዝቀዣ ክፍሎች የተጠላለፉበት፣ በጢስ ሲሞላ የገባ ሰው የመጣበትን መንገድ የሚያጣበት ነበር። ለመተንፈሻ የሚሆን ኦክስጅን ተሸክመው ከወረዱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መካከል ሁለቱ አልተመለሱም። መውጫውን ሳያገኙ የያዙት ኦክስጅን አለቀባቸው። በጊዜው ማን ስንት ሰዓት ላይ እንደገባና ምን ያህል እንደቀረው ውጭ ላሉት በእርግጠኝነት የሚነግራቸው አንድ ወጥ አሠራር አልነበረም።

ዛሬ በብሪታንያ እሳት ወዳለበት ሕንፃ ሲገባ በሩ ላይ ሰሌዳ ይዞ የሚቆም ሰው መኖሩ የዚያ ቀን ውጤት ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከመሣሪያው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መለያ ነቅሎ ይሰጠዋል። መለያው ላይ ስሙ፣ የገባበት ሰዓትና ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ተጽፏል። ባለ ሰሌዳው ከዚያ ተነሥቶ የማስጠንቀቂያ ፊሽካው በስንት ሰዓት ሊጮኽ እንደሚችል ያሰላና ከስሙ አጠገብ ይጽፋል። ያ ሰዓት ደርሶ ሰውየው ካልወጣ «ትንሽ እንጠብቀው» የሚባል ነገር የለም፤ ተዘጋጅቶ የቆመው የነፍስ አድን ቡድን ይገባል።

በነገራችን ላይ አብዛኛው ሰው ዛሬም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጀርባው ላይ የሚያዝለው ኦክስጅን ይመስለዋል። የስሚዝፊልዶቹ በእርግጥ ኦክስጅን ነበር። አሁን በብዛት የሚያዘው ግን እኔና እርስዎ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ ተጣርቶና ተጨምቆ የታሸገ። የተለመደው ሲሊንደር 6.8 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ግፊቱ 300 ባር ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ ከ2 ባር ብዙም እንደማይበልጥ ያስታውሱ። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያባዟቸው ወደ 2,000 ሊትር አየር ይመጣል። አንድ ሰው በደቂቃ 40 ሊትር ይተነፍሳል ከተባለ ለ50 ደቂቃ ይበቃል ማለት ነው።

ችግሩ ያለው «ከተባለ» የሚለው ላይ ነው። ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ውኃ የሞላ ቱቦ እየጎተተ፣ በሙቀት ውስጥ በጉልበቱ የሚሄድ ሰው በደቂቃ 60 ሊትር፣ ሲብስም 80 እና ከዚያ በላይ ይጨርሳል። የፈራ ሰው ደግሞ ሳይሠራም ያለከልካል። ስለዚህ 50 ደቂቃ የሚባለው ጊዜ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ የታሰበ ምሳሌ ይዘን እንይ።

የአንድ መጋዘን ምድር ቤት ተቃጥሏል። ሁለት ሰዎች ሊገቡ ነው። በመጀመሪያ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ የሌላውን የሲሊንደር መክፈቻ እስከ መጨረሻው መከፈቱን በእጁ ያረጋግጣል፤ ማሰሪያዎቹ እንዳልተጣመሙ፣ የአየር ቱቦው የትም እንዳልተያዘ፣ በጭንብሉና በራስ ሽፋኑ መካከል የተጋለጠ ቆዳ እንደሌለ ያያል። ከጭንብሉ ጠርዝ ሥር የገባ ፀጉር ካለ ያወጣል። ፂም ያለው ሠራተኛ ይህን ጭንብል እንዳያጠልቅ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠርዙ ከቆዳ ጋር አይገጥምም። የጭንብሉ ውስጥ ግፊት ከውጭው በጥቂቱ ስለሚበልጥ ቀዳዳ ቢኖር ጢሱ በቀላሉ አይገባም፤ ንጹሑ አየር ግን ይወጣል። የማይገጥም ጭንብል ሰውየውን ወዲያው ባያፍነውም አየሩን ይሰርቀዋል። ብቻውን የቆመ ሰው ይህን በራሱ ላይ ማየት አይችልም፤ ጓደኛ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«ስንት አለህ?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ። አንተስ?»

«ሁለት መቶ ዘጠና።»

ከዚህ በኋላ የሁለቱም ቁጥር 280 ነው፤ ቡድን የሚለካው አየር ባነሰው ሰው ነው። ከምሽቱ 3፡05 ገቡ። ባለ ሰሌዳው ፊሽካው በሚጮኽበት 60 ባር አካባቢ ያለውን ቀንሶ፣ በደቂቃ 50 ሊትር አስቦ፣ 3፡35 ብሎ ጻፈ።

ደረጃውን ወርደው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ እሳቱ ወዳለበት ክፍል ለመድረስ 8 ደቂቃ ፈጀባቸው። ጌጁን ሲያዩ መሪው 230፣ ጓደኛው 210 ቀርቶታል። ጓደኛው ለመግባት ብቻ 70 ባር በልቷል። ለመውጣትም ቢያንስ ያንኑ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የማይነካው 60 ባር አለ። 70 እና 60 ሲደመር 130 ነው፤ ጌጁ 130 ሲያነብ የትም ይሁኑ የት ፊታቸውን ወደ መውጫው ማዞር አለባቸው። ከ210 እስከ 130 ያለው 80 ባር ነው። ይህም ወደ 540 ሊትር ሲሆን፣ በደቂቃ 60 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው 9 ደቂቃ ነው። ከ50 ደቂቃው ውስጥ ለእሳቱ የተረፈው ይኸው ነው።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እሳቱ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ይመስላል። መሪው የራሱ ጌጅ ገና 150 ስለሚያነብ ሁለት ደቂቃ ለመጨመር ይፈተናል። ሁለት ደቂቃ ግን ወደ 18 ባር ነው፤ የሚወሰደውም ከመመለሻው ላይ ነው። መመለሻው ደግሞ ከመግቢያው ሊከብድ ይችላል፤ ደክመዋል፣ ደረጃውን የሚወጡት አሁን ነው፣ ጢሱም ወፍሯል። የወደቀ ሰው አግኝተው እየጎተቱ ቢሆን ኖሮ 130 ራሱ ባልበቃ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ቡድኖች ከስሌቱ በላይ ጥቂት ጨምረው ቀድመው ይዞራሉ።

ፊሽካው ራሱ ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል። «ውጣ» የሚል ምልክት የሚመስላቸው አሉ። 60 ባር ማለት ወደ 400 ሊትር ነው፤ ረጋ ብሎ ለሚሄድ 10 ደቂቃ፣ ለተደናገጠና ለሚያለከልክ 5 ደቂቃ። እንደኛዎቹ መውጫው 8 ደቂቃ ለሚርቀው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አይከብድም። ይህ አየር የታሰበው መንገድ ለጠፋበት፣ ጣሪያ ለተደረመሰበት፣ እግሩ ለተያዘ ሰው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው መስፈርታቸው ማስጠንቀቂያው ከሲሊንደሩ አንድ አራተኛ ይልቅ አንድ ሦስተኛው ሲቀር እንዲሰማ አድርገዋል። ጊዜው ሰፋ እንጂ የፊሽካው ትርጉም አልተለወጠም፤ ሲጮኽ ሠራተኛው ውጭ መሆን ነበረበት።

ፊሽካው ውስጥ እያለ ከጮኸበት አንድ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። መንገዱን ያጣ እንደሆነ ወዲያው በሬዲዮ ይናገራል፤ የአደጋ ጥሪ ድምፁን ያበራል፤ ከተቻለ ግድግዳ ወይም ቱቦ ይዞ ትንፋሹን ያረጋጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥሪውን በማዘግየት ነው፤ «ራሴ አገኘዋለሁ» እያሉ የሚያልፉት ደቂቃዎች ነፍስ አድኖቹ ወደ እነሱ ለመድረስ የሚያስፈልጓቸው ደቂቃዎች ናቸው። መንቀሳቀስ ካቆመ ደግሞ መሣሪያው ላይ ያለው ማንቂያ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በራሱ ይጮኻል።

የኛዎቹ ሁለት ሰዎች 130 ላይ ዞሩ። ቱቦውን በእጃቸው እየተከተሉ፣ በየመታጠፊያው ጌጃቸውን እየተጠያየቁ ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ 3፡30 ሆኗል፤ የጓደኛው ጌጅ 65 ላይ ነው፤ ፊሽካው አልጮኸም። ባለ ሰሌዳው ሁለቱን መለያዎች ነቅሎ መለሰላቸውና፣ እሳቱን በተዉበት ሊቀጥሉ ሙሉ ሲሊንደር ይዘው የቆሙትን ቀጣዮቹን ሁለት ሰዎች «ስንት አላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።