ማዶውን ፊት ለፊት ለመርገጥ

በደቡብ ኦሞ፣ ኦሞራቴ ላይ፣ ከግንድ ተፈልፍሎ በተሠራ ጠባብ ታንኳ ወንዙን የሚሻገር እንግዳ መጀመሪያ ግራ ይጋባል። መውረጃው ከፊቱ ነው፤ ወደ ዳሰነች መንደር የሚያወጣው ቀጭን መንገድ ከወዲህ ማዶ ቆሞ ይታየዋል። ቀዛፊው ግን የታንኳውን አፍንጫ ወደዚያ አያቀናም። ከመውረጃው በላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ማንም ወደማይወርድበት ባዶ ዳርቻ አዙሮ ይቀዝፋል። ታንኳው ግን ወደ ባዶው ዳርቻ ሳይሆን ወደ መውረጃው እየቀረበ ይሄዳል።

ነገሩ ለጌጥ አይደለም። የኦሞ ዳርቻ በብዙ ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመ የጭቃ ገደል ነው፤ ወንዙ ውስጥም አዞ አለ። መውጣት የሚቻለው እግር በረገጠው መንገድ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሃምሳ ሜትር ዝቅ ብሎ መድረስ ማለት በገደሉ ሥር ከወራጁ ጋር እየታገሉ ወደ ላይ መመለስ ማለት ነው። ስለዚህ የቀዛፊው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከተነሣሁበት ትክክል ፊት ለፊት ለመድረስ አፍንጫውን ምን ያህል ወደ ላይ ላዙር?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሁለቱን እንቅስቃሴዎች መለየት ያስፈልጋል። ታንኳው የሚሄደው በውሃው ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ ራሱ በጉዞ ላይ ነው። ሰዎች ወደ ጎን በሚጎትቱት ሰፊ ምንጣፍ ላይ ከዳር ወደ ዳር እንደሚራመድ ሰው መሆኑ ነው። እርምጃው የራሱ ነው፤ ወደ ጎን መወሰዱ የምንጣፉ ነው። አንዱ ሌላውን አያደናቅፈውም፤ ሁለቱ በየራሳቸው ይካሄዱና ይደመራሉ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተወረወረ ነገር ወደ ፊት መሄዱና ወደ መሬት መውደቁ በአንድ ጊዜ፣ ግን አንዱ ሌላውን ሳይነካ እንደሚካሄድ ያስረዳው በዚሁ ሐሳብ ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ለስሌት እንዲቀል ወንዙ 120 ሜትር ስፋት ይኑረው። የውሃውን ፍጥነት ማወቅ ቀላል ነው፤ አንድ ቁራጭ እንጨት ወርውሮ 20 ሜትር እስኪሄድ ሰከንድ መቁጠር ነው። 20 ሰከንድ ከፈጀበት ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ይሄዳል። ጀልባችን ደግሞ በረጋ ውሃ ላይ በሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ይህ ለትንሽ ሞተር ቀላል፣ ለብርቱ ቀዛፊዎች ግን ጥረት የሚጠይቅ ፍጥነት ነው።

አፍንጫውን ቀጥታ ወደ ማዶ ብናዞር ምን ይሆናል? 120 ሜትሩን በሰከንድ 2 ሜትር ስንሻገር 60 ሰከንድ ይፈጃል። ብዙ ሰው ወራጁ መሻገሩን የሚያዘገየው ይመስለዋል፤ አያዘገየውም። ውሃው የሚወስደን ወደ ታች ብቻ ስለሆነ ማዶ የምንደርስበትን ሰዓት አይለውጠውም። ነገር ግን በዚያው 60 ሰከንድ ውስጥ 60 ሜትር ዝቅ አድርጎናል። ከሁሉም መንገድ ፈጣኑ ይህ ነው፤ መድረሻው ግን መውረጃው ሳይሆን ገደሉ ነው።

ፊት ለፊት ለመድረስ የሚያስፈልገውን አቅጣጫ ያለ ካልኩሌተር፣ በወረቀት፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ማግኘት ይቻላል። ከመነሻው ተነሥቶ ወንዙን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ መስመር ይሰመር፤ መሄድ የምንፈልገው በዚህ መስመር ላይ ነው። ከዚያው መነሻ ወደ ታች፣ ውሃው ወደሚሄድበት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ይሰመር፤ ይህ ውሃው በአንድ ሰከንድ የሚወስደን ነው። አሁን ኮምፓሱን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍተን፣ መርፌውን በዚህ አጭር መስመር ጫፍ ላይ ተክለን እርሳሱን ስናዞረው፣ የማቋረጫውን መስመር አንድ ቦታ ላይ ይነካዋል። ከመርፌው እስከ ነካበት ቦታ የሚሰመረው መስመር ጀልባው አፍንጫውን ማዞር ያለበትን አቅጣጫ ያሳያል። ሲለካ፣ ከቀጥታው መሻገሪያ 30 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘነበለ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የቀጤ ማዕዘን አንድ ሦስተኛ ማለት ነው።

የሥዕሉ ትርጉም ግልጽ ነው። ጀልባው ካለው የ2 ሜትር ፍጥነት ውስጥ 1 ሜትሩን ወራጁን ለመመከት አውጥቶታል። ለመሻገር የቀረው 1 ሜትር አይደለም፤ አቅጣጫው ሰያፍ ስለሆነ 1.73 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 120 ሜትሩ 69 ሰከንድ ይፈጃል። ፊት ለፊት የመድረስ ዋጋው ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሥዕሉን ስንሠራ የወንዙን ስፋት አንድም ጊዜ አልተጠቀምንበትም። ወንዙ 40 ሜትር ቢሆንም 400 ሜትር፣ የሁለቱ ፍጥነቶች ንጽጽር እስካልተለወጠ ድረስ አቅጣጫው ያው 30 ዲግሪ ነው። ስፋቱ የሚወስነው የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው።

ጀማሪ ቀዛፊ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው። ዓይኑን መውረጃው ላይ ተክሎ የጀልባውን አፍንጫ ከመነሻ እስከ መድረሻ ወደዚያው እንዳቀና ይቀዝፋል። ይህ አስተዋይነት ይመስላል፤ ደግሞም በእኛ ወንዝ ላይ በመጨረሻ ያደርሳል። መንገዱ ግን ቀጥታ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ አፍንጫው ቀጥታ ወደ ማዶ ስለሆነ ወራጁን የሚመክት ነገር የለም፤ ጀልባው ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር አፍንጫው ወደ ላይ እየዞረ ይሄድና ሁለት ሦስተኛውን መንገድ ከተሻገረ በኋላ መውረዱ ይቆማል። እዚያ ላይ 23 ሜትር ያህል ተወስዷል። የቀረውን መንገድ የሚጨርሰው ከታች ወደ ላይ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ከወራጁ ጋር እየተጋፋ ነው። በጠቅላላው 80 ሰከንድ ይፈጅበታል። ገና ከመነሻው 30 ዲግሪ ያዞረው ሰው በ69 ሰከንድ ወርዶ ዕቃውን እያወጣ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ከታየ ወራጁን እናፍጥነው። ውሃው በሰከንድ 1.8 ሜትር ቢሄድ፣ አስቀድሞ አቅጣጫውን ያስተካከለው ሰው አፍንጫውን 64 ዲግሪ ማዞር አለበት፤ ከመሻገር ይልቅ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል፤ ግን በ138 ሰከንድ ይደርሳል። ዓይኑን መውረጃው ላይ ተክሎ የሚከተለው ሰው ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ ይቀዝፋል።

እስካሁን ውሃው ከዳር እስከ ዳር እኩል እንደሚሄድ አድርገን ነው ያየነው። እውነተኛ ወንዝ እንዲህ አይደለም። ዳርና ዳሩ ከመሬቱ ጋር እየተፋተገ ይዘገያል፤ ጥልቀት ባለበት መካከል ይፈጥናል፤ በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ፈጣኑ ውሃ ወደ ውጪኛው ዳርቻ ይጠጋል። አፍንጫውን ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ አቅጣጫ የያዘ ሰው፣ የውሃውን አማካይ ፍጥነት በትክክል ከገመተ፣ ፊት ለፊት መድረሱ አይቀርም፤ መንገዱ ግን ይጠማዘዛል። በዝግተኛው ዳር ትንሽ ሽቅብ ይወጣል፤ መካከል ላይ ወደ ታች ይወሰዳል፤ ማዶው ሲቃረብ የወረደውን መልሶ ይወጣል። ችግሩ ያንን አማካይ ከዳር ቆሞ በወረወረው እንጨት ማወቅ አለመቻሉ ነው። እንጨቱ የለካው የዳሩን ውሃ ነው፤ የመካከሉ ከዚያ ይፈጥናል።

ለዚህ ቀዛፊዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ከማንኛውም ስሌት ይበልጣል። በማዶ በኩል አንዱ ከሌላው ኋላ የሆኑ፣ ከመነሻችን ሲታዩ በአንድ መስመር የሚውሉ ሁለት ነገሮች ይመረጣሉ። ለምሳሌ ውሃው ዳር ያለ ጉቶና ከበስተኋላው በርቀት የቆመ ግራር። ሁለቱ ተደራርበው እስከታዩ ድረስ ጀልባው በቀጥታው መሻገሪያ ላይ ነው፤ አፍንጫው ወዴትም ቢያይ ግድ የለም። ወራጁ ዝቅ ካደረገን ግን ቅርቡ ጉቶ ከግራሩ ተላቅቆ ወደ ላይኛው በኩል የሸሸ ይመስላል። ያን ጊዜ አፍንጫውን ጉቶው ወደሸሸበት ጨመር አድርጎ ማዞር ነው። ጉቶው ወደ ታች በኩል ከሸሸ ደግሞ ከሚገባው በላይ ሽቅብ ወጥተናልና አፍንጫውን ወደ ታች መለስ ማድረግ ነው። ደንቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ ቅርቡን ተከተል። ዓይን አንድ ነገር ብቻ ላይ ከተተከለ መወሰዳችን የሚታወቀን ዘግይቶ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ጥቂት ሜትር መንሸራተት እንኳ ወዲያው ይታያል። ነፋስ ሲገፋም ይኸው ዘዴ ያገለግላል፤ ምክንያቱም የሚለካው የገፋን ነገር ምን እንደሆነ ሳይሆን መገፋታችንን ነው።

ወንዙ ሞልቶ ውሃው ከጀልባው ሲፈጥንስ? ወደ ኮምፓሱ እንመለስ። ውሃው በሰከንድ 2.5 ሜትር ቢሄድ፣ ወደ ታች የሚሰመረው መስመር 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 2 ሴንቲ ሜትር የተከፈተው ኮምፓስ ከዚያ ጫፍ ሲዞር የማቋረጫውን መስመር አይደርስበትም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ጀልባ፣ ፊት ለፊት የሚያደርስ አቅጣጫ የለም ማለት ነው። አፍንጫውን የፈለገውን ያህል ቢያዞር ዝቅ ይላል።

ቢሆንም ዝቅ የሚልበትን መጠን መምረጥ ይችላል። ቀጥታ ወደ ማዶ ቢቀዝፍ በ60 ሰከንድ ውስጥ 150 ሜትር ይወሰዳል። አፍንጫውን 53 ዲግሪ ወደ ላይ ቢያዞር መሻገሩ 100 ሰከንድ ይፈጃል፤ የሚወሰደው ግን 90 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው፣ ይበልጥ ባዞርኩ ቁጥር ያነሰ እወሰዳለሁ ብሎ ነው። ከ53 ዲግሪ አልፎ ከዞረ የመሻገር ፍጥነቱ ስለሚያንስ ውሃው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ በረዘመው ጊዜ ደግሞ ወራጁ ይበልጥ ይወስደዋል።

ስለዚህ የቀረው መነሻን መለወጥ ነው። ታንኳው ዳር ዳሩን፣ ውሃው በሚዘገይበት፣ እየተገፋ ወይም በገመድ እየተጎተተ ከመውረጃው ትይዩ 90 ሜትር ሽቅብ ይወሰድና ከዚያ በ53 ዲግሪ ይነሣል። ግምት ሊሳሳት ስለሚችል ሃያና ሠላሳ ሜትር መጨመር ይሻላል። ከመውረጃው በላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው ውሃው ራሱ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ ከመውረጃው በታች ያለፈውን ግን በዚያ ፍጥነት ባለ ውሃ ላይ የትኛውም ቀዛፊ ሊመልሰው አይችልም።